ለእምዬ፣ ለ19ኛ ልደትሽ

እምዬ፣ እንኳን አደረሰሽ!

ቁጥሩን አልተሳሳትንም። የተወለድሽው ጳጉሜን 6 ቀን 1943፣ ዘመነ ሉቃስ ሊወጣ ሲል ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከ1947 ጀምረን እስከ ዛሬዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ድረስ በጣት ቆጠርን፣ 19 ወጣ። 76 የሚለው የቀበሌ መታወቂያሽ ነው፤ የቀበሌን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ።

በ19 ዓመትሽ ሰባት ልጅ ወልደሽ አሥራ አራት የልጅ ልጅ ማየትሽ ግን ግራ አጋብቶናል። ጥቅምት ሲገባ «ወይ ጉልበቴ» የምትይው የደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፣ ዕድሜ አይደለም። ክሩ አልገባ ያለሽም የመርፌው ቀዳዳ ጠብቦ ነው። ጆሮሽን ግን አናምነውም! «እምዬ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ስንልሽ አይሰማም፤ ጓዳ የስኳር ጣሳ ሲከፈት ከደጅ ሆነሽ «ማነው እሱ?» ትያለሽ።

ሻማው 19 ነው። «76 ይሁን» ያለ ከመሃላችን ነበር፣ ስሙን ለጊዜው ደብቀነዋል። አንዱን ለመለኮስ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ 76ቱ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የመጨረሻው ሳይለኮስ የመጀመሪያው ቀልጦ ዳቦውን ሰም በሰም ያደርገዋል። 19ኙ በደቂቃ ተኩል ያልቃሉ። የለኳሹን እጅጌ እሳት እንዳይዘው ከመሃል ወደ ዳር ነው የምንለኩሰው። አንቺ ነጠላሽን ወደ ኋላ ጣል አድርገሽ እፍ በይ። ትንፋሽ ካጠረሽ ከጎንሽ የሚያግዝ አለ፣ አይቆጠርብሽም።

ድፎው በዘይት ነው፤ ወተትም ቅቤም አልነካውም፣ የጳጉሜን ጾምሽን አያስፈታም። የመንዙ በግ ነገ ለእንቁጣጣሽ ይታረዳል። በዓል ዋዜማ መወለድሽ ብልጠት ነው፣ ሁለት ድግስ በአንድ በግ!

በጥቅሉ ውስጥ ያለው የመነጽር ማንጠልጠያ ነው። ሁለቱን ጫፍ በመነጽሩ ክንዶች አስገቢና ጎማውን ጠበቅ አድርጊው፤ ከላላ ቡና ስትቀጂ መነጽሩ ሲኒው ላይ ይወድቃል። ከእንግዲህ መነጽር ጠፋ ስትይ መጀመሪያ ደረትሽን፣ ቀጥሎ ግንባርሽን ዳብሺ። እኛን የምትጠረጥሪው ከዚያ በኋላ ነው።

20 የምትሞይው በ2023 ነው። እስከዚያ ባሉት ሦስት ዓመታት ጳጉሜን 6 ስለሌለች አንድ ቀን አታረጂም።

ምርቃቱን ግን አደራ፣ እንደ 76 ሆነሽ መርቂን። የ19 ዓመት ልጅ ምርቃት አይይዝም።

የልጅ ልጆችሽ፣ አሥራ አራታችንም
ደብረ ብርሃን