የእንቁጣጣሽ ቅናሽ፦ ጳጉሜን 5 ማታ 1 ሰዓት ያበቃል

ነሐሴ 30፣ ቅዳሜ

ሰላም ቤተሰቦች! ከነገ ጳጉሜን 1 እስከ ጳጉሜን 5 ማታ 1 ሰዓት ድረስ ሽሮ ሜዳ ሱቃችን ውስጥ ያለው ሸማ ሁሉ የ20 በመቶ ቅናሽ አለው። ዘንድሮ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ ቅናሹም 5 ቀን ነው።

ዋጋው ይኸው። የአዋቂ ሴት የመነን ቀሚስ ከ7,500 ወደ 6,000 ብር። የልጆች ቀሚስ ከ3,000 ወደ 2,400። ነጠላ ከ1,500 ወደ 1,200፣ ጋቢ ደግሞ ከ3,500 ወደ 2,800። የድሮው ዋጋ ከግንቦት ጀምሮ ስንሸጥበት የቆየነው ነው፤ ለቅናሽ ብለን ሰሞኑን የሰቀልነው አይደለም፣ ቻናሉን ወደ ላይ ሳብ አድርጋችሁ የሰኔውን ፖስት ብታዩ ያው ዋጋ ታገኛላችሁ።

«ሊያልቅ ነው፣ ፍጠኑ» አንላችሁም። ገና ብዙ አለ። ዛሬ ቆጥረናል፦ 64 የአዋቂ ቀሚስ፣ 38 የልጆች፣ 90 ነጠላ፣ 40 ጋቢ። ማታ ማታ የቀረውን ቆጥረን እዚሁ እንጽፋለን።

የሚያስቸኩል አንድ ነገር ግን አለ፤ ስፌት። ቀሚሱ በልካችሁ እንዲጠብ ወይም እንዲያጥር ከፈለጋችሁ እስከ ጳጉሜን 3 ኑ። ልብስ ሰፊያችን አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ ሁለት ቀን ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለበዓል እናደርሳለን ብለን ቃል አንገባም። እንዳለ ልክ የሚሆንላችሁ ካላችሁ ግን የመጨረሻዋ ቀን ብትመጡም ዋጋው ያው 6,000 ነው።

ጳጉሜን 1፣ እሁድ ማታ

4 ቀን ቀረ። ያለን 55 የአዋቂ ቀሚስ፣ 32 የልጆች፣ 76 ነጠላ፣ 37 ጋቢ። ዝናብ ስለነበር ነው መሰለኝ ረጋ ያለ ቀን ነበር።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ ማታ

3 ቀን ቀረ። 44 ቀሚስ፣ 25 የልጆች፣ 61 ነጠላ፣ 33 ጋቢ።

ዋሽንግተን ያለች አንዲት እህታችን «ለእናቴ ጋቢ ፈልጌ ነበር፣ እንዳያልቅብኝ ዛሬውኑ ቀብድ ልላክ?» ብላ ጽፋልናለች። የኔ እህት፣ አያስፈልግም። ጋቢ በቀን ሦስትና አራት ነው እየወጣ ያለው፣ በዚህ አያያዙ እስከ ሐሙስ አያልቅም። እናትሽ ራሳቸው መጥተው ዳስሰው ይምረጡ፣ ከዚያ ትከፍያለሽ።

ደግሞ ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁ፦ ለመስቀል ቅናሽ የለንም። ከበዓሉ በኋላ የተረፈው ቀሚስ እዚሁ ይኖራል፣ በ7,500። ገንዘብ ለጠበባችሁ ይህ በዓል ቢያልፋችሁም ቀሚሱ አይጠፋም።

ጳጉሜን 3፣ ማክሰኞ ጠዋት

እንኳን ለሩፋኤል አደረሳችሁ! ልጆቻችሁ ዝናቡን ተጠምቀው ሲጨርሱ ይዛችኋቸው ኑ፣ ልክ እንለካለን። ልኬት የምንቀበለው ዛሬ እስከ 11 ሰዓት ነው። ይህን ሰዓት ማራዘም አንችልም፣ ሰፊው ሌሊቱን እንዲያድሩበት አንፈልግም።

ጳጉሜን 4፣ ረቡዕ ማታ

አንድ ቀን ቀረ። 22 ቀሚስ፣ 9 የልጆች፣ 31 ነጠላ፣ 26 ጋቢ።

አሁን ያለቀ ነገር አለና ሳትደክሙ እንንገራችሁ። ቀይ ጥበብ ያለው ቀሚስ በትልቁ ልክ የለም፣ የመጨረሻው ዛሬ ከሰዓት ወጥቷል። በመካከለኛው 3 አለ። አረንጓዴና ወርቃማ ጥበብ ያለው በሁሉም ልክ አለ። ቀዩን በትልቁ ልክ ብቻ የምትፈልጉ ለእንቁጣጣሽ አትድከሙ፤ አብዛኞቹ ሸማኔዎቻችን የጋሞ ልጆች ናቸው፣ ለመስቀል አገራቸው ይገባሉ፣ አዲሱ የሚደርሰው ጥቅምት ላይ ነው።

ጳጉሜን 5፣ ሐሙስ ጠዋት

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ከ3 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ነን። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሽሮ ሜዳ ታክሲ መውረጃው ጋ ወርዳችሁ ኢንቦክስ ጻፉልን፣ ልጅ ልከን እንቀበላችኋለን። የዋዜማ መንገድ ይጨናነቃልና ከቻላችሁ ከሰዓት በፊት ይሻላል። መንገድ ላይ ሆናችሁ ከመሸባችሁ ከ1 ሰዓት በፊት «እየመጣሁ ነው» በሉን፣ በቅናሹ ዋጋ እንጠብቃችኋለን።

ጳጉሜን 5፣ ማታ 1 ሰዓት ከ10

ቅናሹ አብቅቷል። መንገድ ላይ ነን ያላችሁን ሦስት ሰዎች እየጠበቅናችሁ ነው፣ በሩ ገርበብ ያለ ቢመስልም ገፋ አድርጋችሁ ግቡ።

«አንድ ቀን ጨምሩ» ያላችሁን ደግሞ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ ያበቃል ስላልን ከሥራ አስፈቅደው፣ ልጅ አዝለው፣ በዝናብ የመጡ ሰዎች አሉ፣ ነገ በዚያው ዋጋ ብንሸጥ እነሱን ዋሽተናቸዋል ማለት ነው።

የተረፈው 11 ቀሚስ፣ 4 የልጆች፣ 17 ነጠላ፣ 22 ጋቢ። ነገ ዝግ ነን። ቅዳሜ መስከረም 2 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በመደበኛው ዋጋ እንከፍታለን።

እንኳን ለ2019 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ!