በታዬ ሙት ዓመት በጓደኞቹ ስም የተደረገ ንግግር

አባታችን፣ አልማዝ፣ ልጆች፣ የእድራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ጸሎተ ፍትሐቱ ጠዋት ደርሷል። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ስለ ታዬ ጥቂት እንድናገር ጓደኞቹ አዘውኛል።

ታዬ የእድራችን ንብረት ክፍል ነበር። ለሌላው ቁልፍ መያዝ ብቻ ነው፤ ለእሱ ግን ሙያ ነበር። ድንኳን ሊተከል ሲል መጀመሪያ የሚያየው ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። በላይኛው በኩል ቦይ ካልተቆፈረ፣ ሌሊት ሲዘንብ ለቀስተኛው እግሩን አግዳሚ ላይ ሰቅሎ ያድራል። ደመና ሲያይ ገመዱን ያስላላል፤ የቃጫ ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር ካስማ ይነቅላል፣ ሸራም ይቀድዳል። በሣልስቱ ድንኳኑ ሲነሳ ደግሞ እርጥብ ሸራ አያስጠቀልልም። እንዲያው የተቀመጠ ሸራ ይሻግታል፤ በሚቀጥለው ሐዘን በስፌቱ በኩል ያፈሳል። በዚህ ከስንታችን ጋር ተጣልቷል! ደረቅ ሰው ነበር፣ ሙት ዓመቱ ነው ብለን አንሸፍነውም። ብርጭቆ የሰበረ ዘመዱም ቢሆን ይከፍላል።

ትልቁ ሥራው ግን ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነበር። እስከ ሣልስት ቤቱ በሰው ይሞላል። አርባው ሲወጣ ጠያቂው ይሳሳል፤ ከሰማንያ በኋላማ በር የሚያንኳኳ አይገኝም። የወረቀቱ ጣጣ የሚከብደው ደግሞ ያኔ ነው። ታዬ ቤተሰቡን ይዞ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ይሄዳል፤ ከሐኪም ቤት የተሰጠውን ማስረጃና የሟችን መታወቂያ አቅርበው የሞት የምስክር ወረቀት እስኪያወጡ አይለያቸውም። ከዚያ በፊት ግን ቁጭ ብሎ ስም ያስተያያል፤ በመታወቂያው፣ በባንክ ደብተሩና በጡረታ ፋይሉ ላይ የአያት ስም ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። ልዩነት ከተገኘ የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ሁለት ሦስቴ ከተመለሰ ይተወዋል። መተዉን ነበር የሚፈራው። «እንዴት ነሽ፣ አይዞሽ» ብሎ መሄድ አያውቅበትም ነበር፤ «ደብተሩን አምጪው እስቲ» ይላል። ማጽናናት የሚያውቀው በዚህ ነው።

አልማዝ፣ ያንቺንም ጉዳይ በእሱ መንገድ ይዘነዋል። የወራሽነት ማስረጃው ወጥቷል። ለጡረታው የጎደለው የትንሿ ልጅ የልደት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት አብረንሽ ሄደን እናወጣለን፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ።

የእድሩ ወጣቶች፣ ክረምት ሳይገባ ድንኳኑ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ስፌቱ መታየት አለበት። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጋዘኑ ይከፈታል። እንደ ድሮው፣ በዕቃው መዝገብ ላይ ፊርማ ሳይኖር አንድ ሰሃን እንዳይወጣ።

ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አባታችን፣ ማዕዱን ይባርኩልን።