ስለ ሀበሻ ቀሚስዎ ቀብድ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናናችሁ። የአያታችሁን ነፍስ በገነት ያኑርልን። መልእክትዎን ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። ወዲያው ያልመለስኩት ዝም ብዬ ሳይሆን ከሸማኔውና ከጥልፍ ሠሪዋ ጋር መነጋገር ስለነበረብኝ ነው።

የእህትዎ ሠርግ ስለተራዘመ የከፈሉት 12,000 ብር ቀብድ ይመለስልኝ ብለዋል። ቀብዱን መመለስ አልችልም። ይህን በሐዘንዎ ላይ መናገር በጣም ከብዶኛል። ግን ነገ ዛሬ እያልኩ ከማቆይዎት ቁርጡን ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳዎት። ከመደርደሪያ ተመርጦ የሚገዛ ልብስ ካልተለበሰ በ7 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ ገንዘቡንም ሳንከራከር እንሰጣለን። በልክ የሚታዘዝ ግን ሸማኔው ድሩን ከዘረጋ በኋላ ቀብዱ አይመለስም። ይህ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ ሲከፍሉም በቃል ነግሬዎታለሁ። ያን ቀን እንዲህ ያለ ሐዘን ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ስለዚህ «ተነግሮዎት ነበር» ብዬ ብቻ ልሸኝዎት አልፈልግም።

ቀብዱ እኔ ጋ የለም። ለክር 3,800፣ ለሽመና 4,500፣ ለጥልፍ 3,200፣ ለስፌት 1,200 ብር ወጥቷል። ድምሩ 12,700 ነው፤ 700ውን ሱቁ ጨምሮበታል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሁለት ሳምንት ሠርቶበታል። እሱም ጥልፍ ሠሪዋም የሚከፈላቸው ሥራቸውን ባስረከቡ ዕለት ነው፤ የቤት ኪራይና የልጅ ወጪ አለባቸው። የሠሩበትን መልሱ ልላቸው አልችልም። ቀሚሱም በእርስዎ ትከሻና ወገብ ልክ ተቆርጧል። የጥለቱን አረንጓዴና ወርቃማ የመረጠችው እህትዎ ናት። በማግስቱ መደርደሪያ ላይ ሰቅዬ ለሌላ ሰው የምሸጠው ዓይነት አይደለም።

ግን ቀሚሱ የእርስዎ ነው፤ የትም አይሄድም። ያሰብኩት እንዲህ ነው። ቀሪውን 6,000 ብር አሁን አይክፈሉ። ቀሚሱን እስከሚቀጥለው ዓመት ጥር መጨረሻ ያለ ምንም ክፍያ እኔ አስቀምጥልዎታለሁ። ጥር ካለፈ ጾሙ ስለሚገባ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን እንደሚችል ጽፈውልኛል። ከፋሲካ በኋላም ይሁን ለከርሞ ጥር፣ ቀሪውን የሚከፍሉት ሲወስዱት ነው። ዋጋው በዚህ መሐል ቢጨምርም እርስዎ ላይ አይጨምርም።

ስለ አቀማመጡ አያስቡ። ነጭ ፈትል በላስቲክ ታፍኖ ሲከርም ይወይባል። ስለዚህ ጥልፉን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማስቀምጠው። በየወሩም እያወጣሁ አናፍሰዋለሁ። በሐዘን ሰው ይከሳል፤ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ሰውነት ይመለሳል። ወገቡና ጎኑ ላይ ሁለት ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ ስለተውን፣ ሊወስዱት ሲመጡ በአዲሱ ልክዎ በነፃ እናስተካክለዋለን። ባሕር ዳር ሆነው መምጣት ካልቻሉ ልክዎን በቴሌግራም ይላኩልኝ። እንዴት እንደሚለካ በስልክ አብሬዎት ሆኜ አሳይዎታለሁ።

ቀሚሱን ከእንግዲህ ማየት አልፈልግም ካሉም ይገባኛል። ለደስታ የታዘዘ ልብስ ሐዘን ሲያስታውስ ከባድ ነው። እንዲያ ከሆነ ሱቄ ውስጥ በእርስዎ ስም ለሽያጭ አወጣዋለሁ። ልኩ የሚሆናት ገዢ ከተገኘች፣ ከሽያጩ ላይ ቀሪውን 6,000 ብር ብቻ አንስቼ የተረፈውን ለእርስዎ እልካለሁ። ኮሚሽን አልወስድም። መቼ እንደሚሸጥና በስንት እንደሚሸጥ ግን ቃል አልገባልዎትም። በልክ የተሠራ ልብስ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ከ18,000 በታችም ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በታች የሚገዛ ሲመጣ እርስዎን ሳልጠይቅ አልሸጠውም።

እኔን ቢጠይቁኝ ይቆይ እላለሁ። ጥልፉ ሲያልቅ አይቼዋለሁ፤ በጣም አምሮበታል። ፎቶውን ግን አሁን አልክልዎትም፤ ማየት ሲፈልጉ ይንገሩኝ።

መልሱን ለመስጠት አይቸኩሉ። መጀመሪያ የአያታችሁ አርባ ይውጣ። እስከዚያ ቀሚሱ ሳይነካ ይቀመጣል፤ እኔም ደውዬ አላስቸግርዎትም። ሲወስኑ በዚሁ በቴሌግራም አንድ ቃል ቢጽፉልኝ ይበቃል፤ «ይቆይ» ወይም «ይሸጥ»።

እናትዎንና እህትዎን አጽናኑልኝ።

አክባሪዎ፣
የሽሮ ሜዳው ሱቅ ባለቤት