ከመደወልሽ በፊት፦ ስልኩ አላገናኝ ሲል

እማዬ፣ ይህን በትልቅ ፊደል ያተምሁልሽ ከቻርጀሩ በላይ ግድግዳው ላይ እንድትለጥፊው ነው። መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ ብለሽ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ እይ። መሀል ላይ ከሠራ እዚያው አቁሚ። እዚህ የጻፍሁት ሁሉ ስልኩን አያበላሽም፤ አትፍሪ።

1. መብራት አለ? ከሌለ የዋይፋዩ ሳጥንም አይሠራም። ሲመጣ አምስት ደቂቃ ታገሺው።

2. ስልኩ ቻርጅ አለው? ከ20 በታች ከሆነ ሰክተሽ ቀጥዪ።

3. ከስልኩ አናት ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ምልክት ይታያል? ጣትሽን ከላይ ወደ ታች ሳቢ፤ አውሮፕላኑን አንድ ጊዜ ስትነኪው ይጠፋል።

4. ቀኑና ሰዓቱ ትክክል ነው? ይህን በደንብ እይልኝ፤ በፋሲካ ሦስት ቀን ያለያየን እሱ ነበር። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 2018 ሲሆን እሱ 2026 ማለት አለበት፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ደግሞ 8:00። በእኛ አቆጣጠር ካስተካከልሽው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና መስመሩ አላስገባም ይለዋል። የጥርስ ጎማ የሚመስለውን ምልክት ክፈቺ፣ «ቀን እና ሰዓት» የሚለውን ፈልጊ፣ ከላይ ያለችውን ክብ ነጥብ ቀለም እስክትይዝ ንኪያት። የእኛን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት እይ።

5. የዋይፋዩን ሳጥን ከሶኬቱ ንቀዪው። አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ አንድ ጊዜ ድገሚና መልሰሽ ሰኪው። መብራቶቹ እስኪረጉ ድረስ ጥቂት ጠብቂ። ከኋላው ባለችው ቀዳዳ መርፌ እንዳታስገቢ፤ የይለፍ ቃሉን ጨምሮ ሁሉንም ይደመስሰዋል። LOS ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ችግሩ ከቤት ውጭ ካለው መስመር ነው። ስልኩን መነካካቱን ተዪውና 994 ደውለሽ «ሎስ ቀይ ያበራል» በያቸው።

6. ስልኩን ራሱን አጥፍተሽ አብሪው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቢ ካለ፣ በስልኩ ላይ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ በወረቀት ገልብጪ። «አልሠራም አለ» ብቻ ስትዪኝ ከዚህ ሆኜ ምኑን እንደምይዝ ይጠፋኛል። የጎረቤታችን ልጅ 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ወረቀቱን አሳዪው። እሱም ካቃተው ከማታው 1 ሰዓት በኋላ በዋይፋይ ሳይሆን በተራው የስልክ መስመር አንድ ጊዜ አስጠርተሽ ዝጊው፤ መልሼ እደውላለሁ። ያን ጊዜ እዚህ ሜሪላንድ ቀን ነው።

ማንም ደውሎ «ላስተካክልልሽ፣ በመልእክት የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» ቢልሽ፣ ስሜን ጠርቶ «ልጅሽ ልካኝ ነው» ቢልሽም እንኳ፣ ዝጊበት። የባንክሽንም የሚስጥር ቁጥር ለማንም አትንገሪ፤ እኔም አልጠይቅሽም።

አሞሽ ከሆነ ግን ይህን ወረቀት ተዪው። ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ።