የጠፋብኝን የኪራይ ውል ኮፒ ስለመጠየቅ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ በቀለ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ እግራቸውን ተሻላቸው?

ባለፈው ሐምሌ 2017 የተፈራረምነው የሁለት ዓመት የኪራይ ውል የእኔው ቅጂ ጠፍቶብኛል። ቁም ሳጥኑ ላይ በሰማያዊ ፌስታል አድርጌው ነበር፤ ለገና ቤት ሳጸዳ ከልጆቹ አሮጌ ደብተር ጋር ተቀላቅሎ ለቆራሊዮ ሰጥቼው መሰለኝ። ሦስት ቀን ፍራሽ ሳይቀር ገልብጬ ፈልጌያለሁ፣ የለም። ጥፋቱ የራሴ ነው።

አሁን መታወቂያ ላወጣ ወረዳ ስሄድ የኪራይ ውል አምጪ አሉኝ፣ የፊታችን ዓርብ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ስለዚህ እርስዎ ጋ ያለውን ቢያውሱኝ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉንም ገጽ፣ የምስክሮቹ ፊርማና የወረዳው ማህተም ያለበትን ጭምር፣ አስነስቼ በዚያው ሰዓት እመልሳለሁ። ካመኑኝ ማለቴ ነው፣ ወረቀት የምጥል ሰው ሆኛለሁና! ካልሆነም ኮፒውን እርስዎ ያስነሱልኝ፣ ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ኮፒው ላይ ቢፈርሙልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አዲስ ውል እንዋዋል ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ኪራዩም ያው 9,500 ብር ነው፣ ቀኑም ያው። የእርስዎ ቅጂም ካልተገኘ ያስመዘገብንበት ወረዳ አብረን ሄደን እንጠይቅ፤ ረቡዕ ጠዋት ሥራ አልገባም።

ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ በር ቢያንኳኩ ይበቃል።

አክባሪዎ፣
የናቲ እናት፣ ከኋለኛው ሰርቪስ ቤት