ከሰንጠረዥ ወደ ቀጥታ መስመር፦ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ የመልመጃ ወረቀት

የሚያስፈልጋችሁ፦ አምስት የግራፍ ወረቀት (ባለ 1 ሳ.ሜ. ካሬ)፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ 30 ሳ.ሜ. ማስመሪያ፣ ላጲስ። እስክሪብቶ አይፈቀድም። ስሌቱን ደብተራችሁ ላይ ሥሩ።

ጊዜ፦ ሁለት ክፍለ ጊዜ። ያላለቀው የቤት ሥራ ነው።

## 1. ብስክሌት ኪራይ (አብረን የምንሠራው)

ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት ትመቻለች። የራሱ የሌለው ይከራያል። አንድ አከራይ አለ እንበል። ብስክሌቱን ስትወስዱ አንድ ጊዜ የሚከፈል ብር አለ፤ ከዚያ በየሰዓቱ ይጨምራል። ስንት ስንት እንደሆነ ግን አልነገራችሁም። የለጠፈው ይህን ብቻ ነው። (ዋጋውን ለትምህርቱ ብዬ የፈጠርኩት ነው፤ ሄዳችሁ እንዳትከራከሩበት።)

| ሰዓት (x) | 1 | 2 | 3 | 4 |
|---|---|---|---|---|
| ብር (y) | 50 | 80 | 110 | 140 |

መጀመሪያ አክሲሶቹን አስምሩ። ሰዓቱ አግድሙ ላይ፣ ብሩ ቋሚው ላይ ይሁን። አግድሙ ላይ 2 ሳ.ሜ. ለ1 ሰዓት፣ ቋሚው ላይ 1 ሳ.ሜ. ለ20 ብር ያዙ። ሁለቱም ከ0 ይጀምሩ። ስማቸውንና መለኪያቸውን ጻፉ፤ ስም ለሌለው አክሲስ ግማሽ ማርክ እቀንሳለሁ።

ቀጥሎ ነጥቦቹ። (1, 50) ማለት ከ0 ተነስቶ 1 ሰዓት ወደ ቀኝ፣ 50 ብር ወደ ላይ ነው። ቦታው ላይ ትንሽ × አድርጉ። ድቡልቡል ወፍራም ነጥብ አታስቀምጡ፤ መስመሩ በየቱ ጎኑ እንደሚያልፍ ራሳችሁም አታውቁትም። የቀሩትን ሦስት ነጥቦችም እንዲሁ።

አሁን ማስመሪያውን አሳርፉ። አራቱም × አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ አንዱን ተሳስታችኋል፤ እጃችሁን አጣማችሁ ለማገናኘት አትሞክሩ። ባለፈው ጊዜ እንደዚያ የተሠራ ግራፍ አርሜ ነበር፤ መስመር ሳይሆን እባብ ነው የሚመስለው።

መስመሩን የመጀመሪያው × ላይ አታቁሙት። ወደ ግራ ቀጥሉት፣ ቋሚውን አክሲስ እስኪቆርጥ ድረስ። የሚቆርጠው 20 ላይ ነው። ይህ ነው የ y አቋራጭ የሚባለው፤ x ዜሮ ሲሆን y ስንት እንደሆነ ይነግረናል። ሰንጠረዡ ውስጥ 20 የሚባል ቁጥር የለም። አከራዩ ያልነገረንን መስመሩ ነገረን፦ ገና ብስክሌቱ ላይ ሳንወጣ 20 ብር ከፍለናል።

ቀጥሎ ስሎፕ፣ በአማርኛው ተዳፋት። መስመሩ ላይ የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ምረጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ y የተለወጠውን x በተለወጠው አካፍሉ።

```
m = (140 − 50) ÷ (4 − 1)
m = 90 ÷ 3
m = 30
```

30 ምን? በሰዓት 30 ብር። መለኪያ የሌለው ስሎፕ ግማሽ መልስ ነው። የመስመሩ እኩልታ እንግዲህ ይህ ነው፦

```
y = 30x + 20
```

በ x = 3 ሞክሩት፤ 110 ይሰጣችኋል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በየዓመቱ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። አንዳንዱ ቁጥሩን ትቶ ካሬ ይቆጥራል። ከመጀመሪያው × እስከ አራተኛው ወደ ላይ 4.5 ካሬ፣ ወደ ጎን 6 ካሬ ነው። 4.5 ÷ 6 = 0.75። በሰዓት 75 ሳንቲም! እንዲህ የሚያከራይ ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ። ካሬው የወረቀቱ ነው፤ ቁጥሩ የነገሩ ነው። የምናነበው ከአክሲሱ ላይ ያለውን ቁጥር ነው።

ጥያቄ 1

ሀ) ለ2 ሰዓት ተኩል ስንት ይከፈላል? ከግራፉ አንብቡ።

ለ) 170 ብር ለስንት ሰዓት ይበቃል? መስመሩን ወደ ቀኝ ቀጥሉት።

ሐ) ጎረቤቱ ያለው አከራይ መነሻ አያስከፍልም፤ በሰዓት 40 ብር ነው። የ1፣ የ2፣ የ3 እና የ4 ሰዓት ሒሳቡን በሰንጠረዥ አስሉና እዚያው ግራፍ ላይ አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች የት ይገናኛሉ? ለ3 ሰዓት የቱ ይረክሳል?

## 2. ከእኩልታ ተነስቶ

እዚህ ታሪክ የለም፤ እጅ ማፍታቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ሥሩ፤ ሦስቱንም አንድ ግራፍ ላይ አስምሩ፤ አጠገባቸው እኩልታውን ጻፉ። በሁለቱም አክሲስ 1 ሳ.ሜ. ለ1 ይሁን።

ሀ) y = 2x − 3፣ x ከ −2 እስከ 2 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች

ለ) y = −x + 4፣ x ከ −2 እስከ 2 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች

ሐ) y = ½x + 1፣ x = −4፣ −2፣ 0፣ 2፣ 4

(ለ) ላይ ተጠንቀቁ። x = −2 ሲሆን −x ማለት +2 ነው፤ ስለዚህ y = 6። እዚህ 2 ያገኘ ሰው መስመሩ ይሰበርበታል።

መ) የሦስቱንም ስሎፕና የ y አቋራጭ ከግራፉ አንብቡ። ከእኩልታው ጋር አስተያዩ።

ሠ) ከ(ሀ) ጋር ትይዩ ሆኖ በ (0, 2) የሚያልፈው መስመር እኩልታው ምንድን ነው?

## 3. ታንኳና ጀልባ

አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ እየቀዘፈ ነው። ሞተር ጀልባ ከባህር ዳር ወደብ ተነስታ በዚያው አቅጣጫ ትከተለዋለች። ጊዜ መቁጠር የጀመርነው ጀልባዋ ስትነሳ ነው። ርቀቱ ከወደቡ ነው።

| ደቂቃ (x) | 0 | 10 | 20 | 30 |
|---|---|---|---|---|
| ታንኳው፣ ኪ.ሜ. | 3 | 3.5 | 4 | 4.5 |
| ጀልባዋ፣ ኪ.ሜ. | 0 | 2 | 4 | 6 |

አግድሙ ላይ 2 ሳ.ሜ. ለ5 ደቂቃ፣ ቋሚው ላይ 2 ሳ.ሜ. ለ1 ኪ.ሜ. ያዙ።

ሀ) ሁለቱንም መስመሮች አስምሩ። ሳታሰሉ፣ በዓይናችሁ ብቻ፣ ፈጣኑ የቱ ነው? በምን አወቃችሁ?

ለ) የሁለቱንም ስሎፕ አስሉ። መልሱ በደቂቃ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት ስንት እንደሚሆን ለውጡት።

ሐ) የታንኳው የ y አቋራጭ 3 ነው። «3» ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «y አቋራጩ ነው» የሚል መልስ አልቀበልም።

መ) ጀልባዋ ታንኳውን የምትደርስበት መቼና የት ነው?

## 4. ውሃ ባህር ዳር በስንት ዲግሪ ይፈላል?

«በ100!» ያላችሁ፣ የባሕር ጠረፍ ሰው ብትሆኑ ልክ ነበራችሁ። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ነው።

| ከፍታ በሜትር (x) | 0 | 600 | 1200 | 1800 | 2400 | 3000 |
|---|---|---|---|---|---|---|
| መፍያ በ°ሴ (y) | 100 | 98 | 96 | 94 | 92 | 90 |

ቋሚው አክሲስ ከ0 ከጀመረ መስመሩ ወረቀቱ አናት ላይ ተጨናንቆ ይቀራል። ስለዚህ ከ88 ጀምሩት፤ ከ88 በታች ትንሽ የዚግዛግ ምልክት አድርጉ፣ «የዘለልነው አለ» ለማለት። 1 ሳ.ሜ. ለ1 ዲግሪ። አግድሙ ግን ከ0 ይጀምር፤ 1 ሳ.ሜ. ለ300 ሜትር።

ሀ) ባህር ዳር ወደ 1800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላባቸዋል?

ለ) ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የጎንደር ከፍታ ስንት ገደማ ነው?

ሐ) ስሎፑን አስሉ። ለምን ነጌቲቭ ሆነ?

መ) አንድ ተማሪ አግድሙን አክሲስ ከ1200 ጀመረና «የ y አቋራጩ 96 ነው» አለ። ምኑ ጋ ተሳሳተ?

ሠ) (ለጎበዞች) መስመሩን ወደ ግራ፣ ከዜሮ በታች ቀጥሉት። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። እዚያስ?

## 5. ሮቶው

ውሃ ጠፍቷል። ግቢው ውስጥ 1000 ሊትር ውሃ ያለው ሮቶ አለ፤ ተከራዮቹ በጄሪካን ይቀዳሉ። አንድ ልጅ እንዲመዘግብ ተደረገ። ከአምስቱ ንባብ አንዱን ተሳስቷል።

| የተቀዳ ጄሪካን (x) | 0 | 5 | 10 | 15 | 20 |
|---|---|---|---|---|---|
| የቀረ ሊትር (y) | 1000 | 900 | 800 | 720 | 600 |

ሀ) ስኬሉን ራሳችሁ ምረጡ፤ አግድሙ እስከ 50 ይድረስ። ነጥቦቹን አስቀምጡ። የተሳሳተው የትኛው ነው? ስንት መሆን ነበረበት?

ለ) የተሳሳተውን ትታችሁ መስመሩን አስምሩ። ስሎፑ ስንት ነው? ስለ ጄሪካኑ ምን ይነግራችኋል?

ሐ) መስመሩ አግድሙን አክሲስ የሚቆርጠው የት ነው? እዚያ ሲደርስ ግቢው ውስጥ ምን ይሆናል?

## መልስ

(ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ። አስቀድሞ የገለበጠ ግራፉ ያጋልጠዋል።)

1. ሀ) 95 ብር። ለ) 5 ሰዓት። ሐ) 40፣ 80፣ 120፣ 160፤ የሚገናኙት (2, 80) ላይ ነው። ለ3 ሰዓት የመጀመሪያው በ10 ብር ይረክሳል።

2. ሀ) −7፣ −5፣ −3፣ −1፣ 1። ለ) 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2። ሐ) −1፣ 0፣ 1፣ 2፣ 3። መ) ስሎፖቹ 2፣ −1፣ ½፤ አቋራጮቹ −3፣ 4፣ 1። ሠ) y = 2x + 2።

3. ሀ) ጀልባዋ፤ መስመሯ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለ) ታንኳው 0.05፣ በሰዓት 3 ኪ.ሜ.፤ ጀልባዋ 0.2፣ በሰዓት 12 ኪ.ሜ.። ሐ) ጀልባዋ ስትነሳ ታንኳው ከወደቡ 3 ኪ.ሜ. ርቆ ነበር። መ) በ20ኛው ደቂቃ፣ ከወደቡ 4 ኪ.ሜ. ላይ።

4. ሀ) 94 እና 91 ዲግሪ። ለ) 2100 ሜትር። ሐ) −10 ÷ 3000 = −1/300 ዲግሪ በሜትር፤ ከፍታው ሲጨምር መፍያው ስለሚቀንስ ነው። መ) 96 ያነበበው x = 1200 ላይ ነው። አቋራጩ የሚነበበው x = 0 ላይ ነው፤ 100። የወረቀቱ ግራ ጠርዝ ሁልጊዜ ዜሮ አይደለም። ሠ) 100.4 ዲግሪ።

5. ሀ) (15, 720)፤ 700 መሆን ነበረበት። ለ) −20 ሊትር በጄሪካን፤ ጄሪካኑ ባለ 20 ሊትር ነው። ሐ) 50 ላይ። ሃምሳኛው ጄሪካን ሲሞላ ሮቶው ባዶ ነው፤ ሃምሳ አንደኛው ሰው ጎረቤት ይሄዳል።