ጥግ ላይ ያለችው ምልክት

ቪዲዮው አለቀ ብዬ ቡናዬን ይዤ የተቀመጥኩት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ለአንድ የልብስ ስፌት ማሰልጠኛ የምሠራው ማስተዋወቂያ ነው፣ ርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ ማስረከቢያው በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ኤክስፖርት የሚለውን ተጫንኩ፣ ያቺ መስመር ቀስ እያለች ሞላች፣ ፋይሉን ከፈትኩት። ከታች በስተቀኝ አንዲት ነጭ ጽሑፍ ተቀምጣለች። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ስም።

መጀመሪያ የማጫወቻው ነገር መሰለኝ። ዘግቼ በሌላ ከፈትኩት፣ አለች። ወደ ስልኬ ላክሁት፣ እዚያም አለች፣ እንዲያውም ትንሹ ስክሪን ላይ ገዝፋ ነው የምትታየው። ወደ ኤክስፖርቱ መስኮት ተመልሼ ሳይ ነው Remove watermark የሚለውን፣ አጠገቡ የወርቅ ዘውድ ያለበትን ቁልፍ ያስተዋልኩት። ስጫነው ወደ ክፍያ ገጽ ወሰደኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በነፃው ፕላን ስሠራ አንዴም ምልክቷን አላየኋትም። ስቆርጥ የለችም፣ ቀለም ሳስተካክል የለችም፣ ፕሪቪው ላይ ጭራሽ የለችም። የምትመጣው ሥራው ሁሉ እነሱ ቤት ካለቀ በኋላ ነው። በኋላ ተመልሼ የፕላኖቹን ማነጻጸሪያ ሳየው ነገሩ ተጽፏል፣ አልዋሹም፣ ግን «ሁሉንም አሳይ» የሚለውን ካልተጫንሽ የማይታይ መስመር ላይ ነው። ከላይ በትልቁ የተጻፈው «ያልተገደበ ኤክስፖርት» ነው። እውነት ነው፣ ያልተገደበ ምልክት ያለበት ኤክስፖርት።

የእኔም ጥፋት አለበት፣ ልደብቀው አልችልም። በመጀመሪያው ቀን 10 ሰከንድ የምትሆን ክሊፕ ኤክስፖርት አድርጌ አይቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ለምን አልከፈልኩም? በወር ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ለካ የዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል ነው። ለአንድ ወር ብቻ ልክፈል ስል ወደ እጥፍ ገደማ ሆነ፣ ከዚህ ሥራ ከማገኘው ላይ ሩቡን ይወስዳል። የ7 ቀን ነፃ ሙከራም አለ፣ ካርድ አስገቢ ይላል። እሱን መንገድ አውቀዋለሁ፤ አንዴ በሌላ ፕሮግራም ማቋረጡን ረስቼ የዓመት ተቆርጦብኛል፣ እስካሁን ሳስበው ሆዴን ያቃጥለኛል። ደግሞም እልህ ያዘኝ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እልህ ጥሩ አማካሪ እንዳልሆነ ባውቅም ያዘኝ።

ከዚያ ሰው በጭንቀት ጊዜ የሚሞክረውን ሁሉ ሞከርኩ። ምስሉን አጉልቼ ምልክቷን ከፍሬም ለማስወጣት ስል አብሮ ሰብታይትሉ ተቆረጠ። የማሰልጠኛውን ሎጎ ልደርብባት አልኩ፣ ግን ምልክቷ ኤክስፖርት ሲደረግ ከሁሉም ነገር በላይ ነው የምትታተመው፣ ሎጎው ላይ ተቀምጣ እንደ ዘውድ ሆነች። ፕሪቪውን በስክሪን ሪኮርደር ቀዳሁት፣ ምስሉ ፈዘዘ፣ አሰልጣኟ አፏን ከከፈተች በኋላ ነው ድምጿ የሚመጣው። መጨረሻ ላይ ቪዲዮን በጽሑፍ ትዕዛዝ ወደሚያስተካክለው ffmpeg ወረድኩ፦

```
ffmpeg -i final.mp4 -vf "delogo=x=1600:y=980:w=280:h=70" -c:a copy out.mp4
```

ይህ ምልክቱ ያለበትን አራት ማዕዘን ዙሪያው ካሉት ቀለሞች ተነስቶ ይሞላዋል። ባዶ ግድግዳ ላይ ያምራል። ጨርቅ የያዘ እጅ በዚያ ጥግ ሲያልፍ ግን መስታወት ላይ ቅባት ያለው ጣት ያሳረፉበት ይመስላል። የአጠቃቀም ውላቸውንም ሳነብ ምልክቱን በሌላ መንገድ ማጥፋት ክልክል ነው ይላል። ተውኩት።

ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝና ብቻዬን የሳቅኩት። እኔም እኮ ለደንበኛ ረቂቅ የምልከው መሃሉ ላይ «ናሙና» ብዬ ጽፌ ነው፣ ቀሪው ክፍያ ሲገባ አነሳዋለሁ። ያው አንድ ዓይነት ዘዴ ነው። ልዩነቱ እኔ ሥራው ሳይጀመር እነግራቸዋለሁ፣ ውሉ ላይም በሁለተኛው መስመር አለ።

ስለዚህ ምልክት ያለበትን ቅጂ «ለአስተያየት የተላከ ረቂቅ» ብዬ ለደንበኛዋ ላክሁላትና እንደገና ልሠራው ተነሳሁ። የተቀረጹት ክሊፖች የእኔ ናቸው፣ ሙዚቃው የእኔ ነው፣ እነሱ ጋ የቀረው የቆረጥኩበት ቦታ ብቻ ነው። ታይምላይኑን ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚያወጣው ቁልፍ ላይ ያቺው ዘውድ ተቀምጣለች። ሰብታይትሉ ግን በ.srt በነፃ ወጣ። እንዴት እንደረሱት አላውቅም፣ ዝም ብዬ አወረድኩት።

Kdenlive የሚባል ሌላ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ጫንኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኤክስፖርት ላይ ምንም አይለጥፍም። ይህን ጊዜ መጀመሪያ 10 ሰከንድ አውጥቼ አየሁ። ከዚያ ያንን ምልክት ያለበትን ቪዲዮ ከላይኛው ትራክ ላይ አስቀመጥኩትና ግማሽ ግልጽ አደረግኩት፣ እንደ ስስ ወረቀት። ከሥሩ ዋናዎቹን ክሊፖች አንድ በአንድ እየደረደርኩ ሁለቱ ምስሎች እስኪገጥሙ ድረስ በፍሬም አንቀሳቅሳለሁ። የሰው ፊት ድርብ ሆኖ ከታየ ገና ነው፣ አንድ ሲሆን ገጥሟል። 63 ቁርጥ ነበረው። የመጀመሪያዎቹ 10 አንድ ሰዓት ፈጁብኝ፣ በኋላ እጄ ለመደና ፈጠነ። ቀለሙን እንደገና በዓይኔ ነው ያስተካከልኩት፣ ከድሮው ትንሽ ሞቅ አለ፣ ወደድኩት። አንድ ቦታ ላይ መርፌው ከክሩ በፊት የሚታይበትን የተሳሳተ ቅደም ተከተልም ያገኘሁት ያኔ ነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አላየሁትም ነበር።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ የላይኛውን ትራክ አጥፍቼ ኤክስፖርት አደረግኩ። ከፈትኩት። ዓይኔ ሰተት ብሎ የሄደው ወደ ቀኝ ጥግ ነው። ባዶ። ግድግዳና የመስኮት ብርሃን ብቻ።

ላክሁት፣ ተኛሁ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ቀሰቀሰኝ፣ የማሰልጠኛው ኃላፊ ናት።

«እህቴ፣ በጣም ቆንጆ ነው፣ ሁላችንም አየነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የማታው ላይ ጥግ ላይ የነበረችው ጽሑፍ የት ሄደች?»

«እሷ... ረቂቅ ስለነበረ ነው፣ አነሳኋት።»

«ውይ! እኛ እኮ ያንቺ ስም መስሎን ነበር። ሥራ ሲያምር ስምሽን መጻፍ ምን ያሳፍራል? ወይ መልሽያት።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ስሜን እንደምጽፍላቸው ነገርኳትና Kdenliveን እንደገና ከፈትኩ። በትንሹ፣ በነጭ፣ ከታች በስተቀኝ።